እርማት፦ ሴንሰሩን የበላው የድሬ ውሃ ብቻ አይደለም

«ሳቢያን ጓሮዬ ፓፓያ ሥር የተከልኩት የእርጥበት ሴንሰር ተበላ። የድሬ ውሃ ጨው ስላለው ነው አሉኝ። በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ ልቀጥል?»

አቦ፣ ውሃው ላይ አታላክክ። ሁለቱን እግሮች አውጥተህ አስተያያቸው። አንዱ ተበልቶ ሌላው ደህና ከሆነ ጥፋተኛው ኤሌክትሪክ ነው። ውሃው ብቻ ቢሆን ሁለቱንም እኩል ይጎዳ ነበር። ቀን ከሌት በአንድ አቅጣጫ የሚሄደው ከረንት የፖዘቲቩን እግር ብረት እያሟሟ አፈር ውስጥ ይከተዋል። ጨው ያፋጥነዋል እንጂ አይጀምረውም።

ብርጭቆ ወረቀቱ ደግሞ ያባብሰዋል፤ ስሱን ሽፋን ገፎ መዳቡን ያጋልጣል። እግሩ በተበላ ቁጥር ሬዚስታንሱ ስለሚጨምር እርጥብ አፈር «ደረቅ» ተብሎ ይነበባል፤ ፓምፑም በከንቱ ይከፈታል። ማዳበሪያ ስትጨምር ግን ተቃራኒው ነው፣ ደረቁ እርጥብ ይመስላል።

አርዱኢኖ ከሆነ የሞጁሉን VCC ከ5V ንቀልና ፒን 7 ላይ ሰካው። ፒኑን OUTPUT አድርገህ ስታነብ ብቻ አብራው፦

```
digitalWrite(7, HIGH);
delay(50);
int v = analogRead(A0);
digitalWrite(7, LOW);
```

ለፓፓያ በቀን ሁለቴ ማንበብ ይበቃል። ይህ የሴንሰሩን ዕድሜ ያራዝማል፤ የጨውና የማዳበሪያውን ስህተት ግን አያጠፋም። አዲስ የምትገዛ ከሆነ ካፓሲቲቭ የሚባለውን ውሰድ። ብረቱ በቀለም ስለተሸፈነ አፈር አይነካም። የተቆረጠ ጠርዙንና ከላይ ያሉትን የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ግን ሳትቀብር በፊት የጥፍር ቀለም ቅባቸው፤ ውሃ የሚገባው በዚያ ነው።