ነዳጅ ሲወጣ ጭቅጭቅ ይቀራል

ሰሞኑን እዚህ ደብረ ማርቆስ የሰፈር ስብሰባ ነበር። ለኮብልስቶን ያዋጣነው ገንዘብ የት ደረሰ ብለው አንዲት እናት ጠየቁ። ደረሰኙን አሳዩን አሉ። ገና ሳይጨርሱ አንድ ስቴኪኒ የሚያኝክ ሰው ብድግ አለ። «እማማ፣ አባይ በረሃ ውስጥ ያለው ነዳጅ ሲወጣ እኮ መዋጮው ይቀራል። ጭቅጭቁም አብሮ ይቀራል» አለ። ተጨበጨበለት። ደረሰኙ ሳይታይ ሁሉም ወደ ቤቱ ሄደ።

ይህን ሰው ታውቁታላችሁ። ጠላ ቤት አለ። ሚኒባስ ጋቢና አለ። ለቅሶ ድንኳን ውስጥም አለ። መንገዱ ተበላሸ ስትሉት ነዳጅ ይላል። ማዳበሪያ ተወደደ ስትሉትም ነዳጅ። ሌላው ሰው ላሙን በሰማይ ሲያስር፣ የኛው ጀግና አባይ ሸለቆ ሥር ቀብሯታል።

ብዙዎቻችሁ እንደምትሰለቹት አውቃለሁ። እኔ ግን ዛሬ ላወድሰው ነው የተነሣሁት። ሰውዬው ልክ ነው። ነዳጅ ሲወጣ በእርግጥም ጭቅጭቅ ይቀራል።

አባቶቻችን ይህን ዕድል አላገኙም። ለዚህ ነው ጨቅጫቃ የነበሩት። በ1960 ዓ.ም. መንግሥት አዲስ የእርሻ ገቢ ግብር ይዞ ሲመጣ የጎጃም ገበሬ አሻፈረኝ አለ። ዛሬ ግብር፣ ነገ የመሬት ልኬት፣ ከነገ ወዲያ ርስታችን ብሎ ጠረጠረ። ሞጣ፣ ብቸና፣ ዳሞት ተነሣ። ወታደር ተላከበት፣ አውሮፕላንም መጣበት። በመጨረሻ ግን ጠቅላይ ገዥው ከቦታቸው ተነሡ፣ ውዝፍ ግብሩም ተሰረዘ። ንጉሠ ነገሥቱ ለገበሬው አዝነው ነው እንዳትሉ። ገንዘቡ ያለው ገበሬው ጎተራ ውስጥ ነበር። ከጎተራህ የሚበላ መንግሥት፣ ሳይወድም ቢሆን፣ ፊትህን ያያል።

እስቲ ያኔ ነዳጅ ቢኖር ኖሮ አስቡት። ገበሬውን ማን ግብር ይጠይቀዋል? ማንም። ገበሬውስ ማንን ይቆጣል? ማንንም። እንዴት ያለ ሰላም ነበር!

ይህን ሰላም ያገኘች አንዲት እህት አገር አለችን፣ ናይጄሪያ። ታሪኳን በጣም ስለምወደው ትንሽ ላራዝመው ነው፣ ታገሡኝ።

እ.ኤ.አ. በ1973 መጨረሻ የነዳጅ ዋጋ በጥቂት ወራት ውስጥ አራት እጥፍ ገደማ ዘለለ። የናይጄሪያ ወታደራዊ መንግሥት ካዝና ሞልቶ ፈሰሰ። ስለዚህ ሲሚንቶ ታዘዘ። ስንት? 20 ሚሊዮን ቶን። የሌጎስ ወደብ በዓመት የሚያራግፈው ወደ አንድ ሚሊዮን ቶን ነበር። እንግዲህ ወደቡ ስንዴም፣ መድኃኒትም፣ ምንም ሳይነካ ሲሚንቶ ብቻ ቢያወርድ ሥራው 20 ዓመት ይፈጃል።

20 ሚሊዮን ቶን ስንት እንደሆነ አልገባችሁም መሰለኝ። 200 ሚሊዮን ኩንታል ነው። አንድ ተሳቢ 400 ኩንታል ይጫን እንበል። ግማሽ ሚሊዮን ተሳቢ ነው። ተሳቢዎቹን አፍንጫና ጅራት አገናኝታችሁ ብትደረድሯቸው 10 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናሉ። ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ ያለውን መንገድ ከ30 ጊዜ በላይ ይሞሉታል። አባይ በረሃ ላይ አንዱ ጎማ ቢፈነዳበት ወረፋው የት ድረስ እንደሚደርስ እናንተው ገምቱ።

ከዚህ ውስጥ 16 ሚሊዮኑን ቶን ያዘዘው መከላከያ ሚኒስቴሩ ነበር። ያስፈልገዋል ተብሎ የተገመተው ደግሞ 3 ሚሊዮን እንኳ አይሞላም። ቀሪውን ለምን ፈለገው? ይህ የጨቅጫቃ ሰው ጥያቄ ነው። ትልቅ ውል ባለበት ትልቅ ኮሚሽን አለ፤ ነገሩ ይኸው ነው።

ከዚያ መርከቦቹ መጡ። በ1975 ከ400 በላይ መርከብ ሌጎስ ፊት ለፊት ባሕር ላይ ተኮልኩሎ ቆመ፤ አብዛኛው ሲሚንቶ የጫነ ነው። መርከብ ወረፋ ሲጠብቅ ደግሞ በየቀኑ ዲመሬጅ የሚሉት የመዘግየት ቅጣት ይከፈለዋል። የመርከብ ባለቤቶች ይህን ሲሰሙ ለቆራሌው የደረሰውን አሮጌ መርከብ ሁሉ ሲሚንቶ እየጫኑ ላኩት። ባሕር ላይ ቆሞ ደመወዝ የሚበላ መርከብ! ሲሚንቶው በባሕር እርጥበት እዚያው ሆዳቸው ውስጥ ደረቀ። ወደብ ሳይደርስ ድንጋይ ሆነ። ወታደራዊው የአገሪቱ መሪ በዚያው ዓመት ሐምሌ ካምፓላ ስብሰባ ላይ እያሉ መፈንቅለ መንግሥት ተደረገባቸው። ተተኪዎቹ ውል ለመሰረዝ ሲሯሯጡ ነገሩ ለንደን ፍርድ ቤት ድረስ ሄደ።

አሁን ይህን ሁሉ ማን ይጠይቅ? ገንዘቡ ከማን ኪስ ወጣ? የካኖው ገበሬ ለዚያ ሲሚንቶ ኦቾሎኒውን አልሸጠም። የሌጎሷ ነጋዴም ለዚያ ብላ ግብር አልተጨመረባትም። ገንዘቡ ከነዳጅ ኩባንያዎቹ ወደ ማዕከላዊ ካዝና በቀጥታ ነው የገባው። ግብር ከሚሊዮን እጅ ሲሰበሰብ ሰብሳቢ ይፈልጋል፣ መዝገብ ይፈልጋል፣ ኦዲተር ይፈልጋል፣ አቤቱታ ሰሚም ይፈልጋል። መንግሥት የሚባለው ነገር ግማሹ የተሠራው ይህን ሲለፋበት ነው። የነዳጅ ገቢ ግን አንድ ክፍል፣ ጥቂት ፈራሚና አንድ የባንክ ሒሳብ ይበቃዋል። ስንት በርሜል እንደወጣና በምን ዋጋ እንደተሸጠ የሚያውቀውም ያው ክፍል ነው። ውሉን አሳዩኝ ብትል ምስጢር ነው ይሉሃል። ገበሬ ፊት የሚቆም መንግሥት ቀርቶ፣ መንግሥት ፊት የሚሰለፍ ገበሬ ይመጣል።

«ከኛ መሬት ከወጣ ግን ለኛ ነው» የሚሉ አሉ፤ እነሱንም ሳላመሰግን አላልፍም። ናይጄሪያ ውስጥ ለገበያ የሚበቃ ነዳጅ መጀመሪያ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1956 ኦሎይቢሪ የምትባል መንደር ነው። ዛሬ ጉድጓዱ ደርቋል፣ መንደሯ ድሃ ናት። መንደሯ ባለችበት የናይጀር ወንዝ ዴልታ ስንት ወንዝ ዘይት ጠጥቶ ዓሣው አልቋል። እዚህ ላይ ምፀቱ ይቅርብኝ። ያሳምማል። ሰው ውሃው በዘይት ተበክሎ፣ መረቡ ባዶ ሆኖ አቤት ሲል «ነዳጅ አላችሁ እኮ» እየተባለ ኖሯል። የኛው ጀግናም የሰፈሩን እናት ዛሬውኑ ዝም የሚያሰኝበት ገና ባልተቆፈረ ጉድጓድ ነው! ኧረ ነውር ነው።

እሺ፣ ወደ ውዳሴዬ ልመለስ።

ነገር የሚያበላሹ አገሮችም አይጠፉም። ኖርዌይ ትልቁን ነዳጇን ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። እስከዚያ ግን ግብር ሰብሳቢዋ፣ ፓርላማዋና ኦዲተሯ ሥራቸውን የለመዱ ነበሩ። ነዳጁ ያገኛቸው ቆመው ነው። ኩባንያዎቹን ከትርፋቸው ሦስት አራተኛ በላይ ታስከፍላለች። ገንዘቡን ውጭ አገር ፈንድ ውስጥ አስቀምጣ በየዓመቱ ጥቂቱን ብቻ ትነካለች። ፈንዱ ስንት እንደደረሰም ማንም ሰው ኢንተርኔት ላይ ያየዋል። ይህ ሁሉ ይሁን፣ እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ዜጎቿን ዛሬም ከባድ ግብር ታስከፍላለች! ነዳጅ እያለው ግብር የሚከፍል ሕዝብ፣ በዚያ ላይ ደግሞ ሒሳብ የሚጠይቅ! የኛ ሰው ይህን ቢሰማ ስቴኪኒው ከአፉ ይወድቃል።