ትኋኑ የማን ነው?

ኮዬ ፈጬ አካባቢ አንዲት ሰርቪስ ክፍል ከተከራየሁ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። እንቅልፍ የሚባል ነገር ግን የለም። ጠዋት ስነሳ ክንዴ ላይ በመስመር የተደረደረ እብጠት አገኛለሁ። መጀመሪያ ቁንጫ መስሎኝ ነበር። ፍራሹን ገልብጬ ስፌቱን ሳይ ግን በእስክሪብቶ ነጥብ ነጥብ የተደረገ የሚመስል ጥቁር ኩስ። ትኋን!

ለአከራዬ ነገርኳቸው። «አንተ ነህ ይዘኸው የመጣኸው፤ ራስህ አስረጭ» አሉኝ። እትዬ፣ ፍራሼ እኮ ከነላስቲኩ ሲገባ አይተዋል! ግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ ያለው ጥቁር ነጠብጣብና የደረቀ ቅርፊት ደግሞ የሦስት ሳምንት ሥራ አይመስልም። ጎረቤቴም ሌሊቱን ሲያክ ነው የሚያድረው።

የእኔን ክፍል ብቻ ባስረጭ ትኋኑ በስንጥቁ አልፎ ወደ ጎረቤቴ ይሄዳል፤ ቆይቶ ይመለሳል። እንቁላሉን ብዙው መድኃኒት ስለማይገድለው ከሁለት ሳምንት በኋላ መደገም አለበት። ሁለት ዙር፣ ሁለት ክፍል፣ ከእኔ ኪስ?

ልብሴን በሙቅ ውኃ አጥባለሁ፤ አልጋዬን ከግድግዳ አርቃለሁ። የሚረጨውን ሰው ግን እርስዎ ይጥሩ፤ ይክፈሉም። አሁን ብር የለኝም ካሉ እኔ ልክፈልና ከኪራዩ ይቀነስልኝ። ያውም በጽሑፍ፣ ከነፊርማዎ። ወይስ እስከዚያ ሳሎንዎ ሶፋ ላይ ልደር?