ቱቦ በገባ ማግስት የተቀዳ ደም

«ጋሼ በፕሮስቴት የደም ምርመራው፣ በፒኤስኤ፣ 14 ወጣባቸው። ካንሰር ነው ማለት ነው?»

የአክስቴ ልጅ ናት፤ ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ደውላ። እኔ ዕድሜዬን ላቦራቶሪ ውስጥ የፈጀሁ ሰው ነኝና መጀመሪያ የጠየቅኳት ደሙ መቼ እንደተቀዳ ነው። ዓርብ ማታ ሽንት እምቢ ብሏቸው በባጃጅ ወሰዷቸው። የሽንት ቱቦ ገባላቸው። ቅዳሜ ጠዋት፣ ቱቦው እንዳለ፣ ደም ተቀዳ። ወረቀቱ ላይ 14.2 ይላል፣ አጠገቡ «እስከ 4»። እሁድ ቤቱ ለቅሶ ቤት መስሎ ነበር።

አቦ፣ ያ ቁጥር ስለ ካንሰር ምንም አልተናገረም! ፒኤስኤን የሚሠራው ጤነኛውም ፕሮስቴት፣ ከወንድ ፊኛ ሥር ያለው ዕጢ፣ ነው፤ የዘር ፈሳሽን የሚያቀጥን ፕሮቲን ነው። ጥቂቱ ወደ ደም ያፈተልካል። ዕጢው በዕድሜ ሲያድግ፣ ኢንፌክሽን ሲይዘው፣ ሽንት ሲታገድ ወይም ቱቦ ሲያልፍበት ብዙ ያፈስሳል። ጋሼ ላይ እነዚህ ሁሉ በአንድ ሌሊት ተደራርበዋል። እንዲህ ባለ ቀን ምርመራውን ማዘዝ ስህተት ነው እላለሁ።

ሐኪሙ የሽንት ኢንፌክሽኑን አከመ፣ ቱቦው ወጣ፣ ስምንት ሳምንት ተጠበቀ። ድጋሚው 5.1 ሆነ። አሁንም ከ4 በላይ ነው፤ ግን በአልትራሳውንድ ዕጢያቸው 68 ሚሊ ሊትር ነው። 5.1 ለ68 ሲካፈል 0.075 ይመጣል። ትልቅ ዕጢ ብዙ ፒኤስኤ ቢያወጣ አይገርምም። ሐኪሞች ይበልጥ የሚጠራጠሩት ይህ ስሌት 0.15 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው። በጣት ሲመረመሩም ዕጢው ለስላሳ ነው፤ ጓል የለውም። ስለዚህ ከዕጢው በመርፌ ናሙና፣ ማለትም ባዮፕሲ፣ አልተወሰደም፤ በስድስት ወር እንዲመለሱ ተቀጠሩ።

ቁጥሩ በሌላ በኩልም ያታልላል። አንድ ጎረቤታችን 3.6 ወጥቶላቸው «ነጻ ነኝ» ብለው ነበር። ከዓመት በላይ የፕሮስቴት ማሳነሻውን ፊናስቴራይድ ይወስዳሉ። ይህ መድኃኒት ፒኤስኤን በግማሽ ገደማ ይቀንሳል፤ ስለዚህ 3.6ቱ ወደ 7 ተጠግቶ መነበብ ነበረበት። ማንም አልጠየቃቸውም። ሐኪሙ በጣት ሲመረምር ግን ጠንካራ እብጠት አገኘ። ባዮፕሲ ተደረገላቸው፤ ካንሰር ነበር።

ጠንካራ እብጠት ከተገኘ ቁጥሩ ዝቅ ቢልም ናሙና ይመከራል። ኢንፌክሽን ሳይኖር በድጋሚም ከዕጢው መጠን አንጻር ከፍ እንዳለ የቀረ ወይም በየምርመራው እየጨመረ የሚሄድ ቁጥርም እንዲሁ። ኤምአርአይ የሚገኝ ከሆነ አስቀድሞ መነሳቱ መርፌው የት እንደሚገባ ያሳያል። ናሙናው ብዙውን ጊዜ ወደ 12 ቀጫጭን ቁራጭ ነው፤ ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ሊያስከትል ይችላል። በፍርሃት ብቻ የሚደረግ ነገር አይደለም።

በጣት መመርመር ሲባል ብዙ አባቶች ያፍራሉ። ጋሼም አፍረው ነበር። «ምነው መጀመሪያ በነገሩኝ፣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም እኮ» አሉኝ፣ ጫታቸውን እየቀነጠሱ።