ክርክር፦ ስታቲስቲክስን በፓስ-ፌይል ማለፍ ያዋጣል?

ጥያቄ፦ «አሜሪካ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ነኝ። ስታቲስቲክስ ከብዶኛል፤ ወደ ነርሲንግ ላመለክት ነው። ጂፒኤዬ እንዳይበላሽ ፓስ-ፌይል ላድርገው ወይስ ኦዲት?»

ነርሷ፦ ፓስ-ፌይል አድርጊው ባይ ነኝ። በፊደል ውጤት ፋንታ ማለፍሽ ወይም መውደቅሽ ብቻ ይጻፋል፤ ካለፍሽ «ፒ» ነው። እስካሁን 45 ክሬዲት በ3.6 ይዘሻል እንበል። ባለ 4 ክሬዲቱን ኮርስ በሲ ብትጨርሺ 3.47 ትሆኛለሽ። ፒ ከሆነ ግን 3.6ሽ አይነካም፤ ክሬዲቱም ይያዝልሻል። እኔ ታሪክን እንዲህ ነው ያለፍኩት፤ እስከ ዛሬ የጠየቀኝ የለም።

አማካሪው፦ እህቴ፣ ታሪክን ማን ይጠይቅሻል! ስታቲስቲክስ ግን ብዙ የነርሲንግ ፕሮግራሞች ቅድሚያ እንዲወሰድ የሚያዝዙት ኮርስ ነው፤ አብዛኞቹም በፊደል ውጤት፣ ቢያንስ ሲ ይፈልጉታል። ፒ ሁሉም ቦታ አንድ አይደለማ። ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲዎች በርክሌይ ከሲ ማይነስ ጀምሮ ያሳልፋል፤ ዩሲኤልኤ ግን ሙሉ ሲ ይጠይቃል። ትራንስክሪፕቱን የሚያነበው ሰው ከፒዋ ጀርባ ያለውን አያይም።

ጠያቂዋ በፓስ-ፌይል ወስዳው ብትወድቅስ? በርክሌይ አለማለፍ ጂፒኤ ውስጥ አይገባም። ፌይሉን እንደ ዜሮ የሚደምሩ ኮሌጆች ግን አሉ፤ እዚያ ከሆነች በራስሽ ሂሳብ 3.31 ላይ ትወርዳለች። ከሲው ትብሳለች።

ነርሷ፦ በ2020 ኮቪድ ጊዜ ፒ ተቀብለው የለ እንዴ?

አማካሪው፦ ብዙዎቹ ተቀብለዋል፤ ለዚያ ጊዜ ነው እንጂ ለዘንድሮ ማስረጃ አይሆንም።

ነርሷ፦ እሺ፣ ኦዲት ታድርገው። ፈተና የለ፣ ጭንቀት የለ፤ ትሰማና በሚቀጥለው ሴሚስተር በደንብ ትወስደዋለች።

አማካሪው፦ ለመማር ከሆነ ጥሩ ነው፤ ጂፒኤንም አይነካም። ግን ክሬዲት አይሰጥም፣ መስፈርትም አያሟላም፤ ክፍያው ደግሞ ብዙ ቦታ ያው ነው። ከሁሉ የሚከፋው ሌላ ነው። 12 ክሬዲት ይዛ 4ቱን ኦዲት ብታደርግ ለፋይናንሻል ኤይድ፣ ለትምህርት ድጋፉ ገንዘብ ማለት ነው፣ የሚቆጠሩላት 8 ብቻ ናቸው፤ ከመንግሥት የምታገኘው ፔል ግራንት ሊቀንስ ይችላል። በኤፍ-1 የተማሪ ቪዛ ላይ ከሆነችማ ከሙሉ ጊዜ ተማሪነት ወርዳ ቪዛዋን አደጋ ላይ ትጥላለች።

ነርሷ፦ ገንዘቧን ከፍላ፣ ክፍል ቁጭ ብላ? ይሄማ ግፍ ነው።

አማካሪው፦ ነው አይደለም አልልሽም፤ ሕጉ ግን እንደዚያ ነው። መቀየሪያው ቀን ደግሞ ብዙ ጊዜ ሴሚስተሩ እንደተጀመረ አካባቢ ነው፤ ሚድተርም አይታ ልወስን ካለች አልፏት ይሆናል። ያኔ የሚቀራት ማቋረጥ ነው፤ ደብልዩ ይጻፍባታል። ደብልዩ ጂፒኤ አይነካም፤ ግን ለኤይዱ ሞክራ ያልጨረሰችው ክሬዲት ሆኖ ይቆጠራል።

ነርሷ፦ ነርሲንጉን ካልቆረጠችበት እኔ አሁንም ፒ እላለሁ።

አማካሪው፦ ካልቆረጠችበት እሺ። ከቆረጠች ግን ቅጹን ከመፈረሟ በፊት ለምታመለክትበት ፕሮግራም ኢሜይል ትጻፍ፤ «ስታቲስቲክስን በፒ ትቀበላላችሁ?» ብላ። የራሷ ኮሌጅ ሬጅስትራር ስለፈቀደላት እነሱ ይቀበሏታል ማለት አይደለም።