በ41 ብር የሚመጣው ጀሪካን ርካሽ አይደለም

«ጀሪካኑን ራሳችን ስናመርተው አንዱ 46 ብር ይፈጅብናል። ሌላ ሰው ደግሞ በ41 ብር ደጃችሁ ድረስ ላምጣላችሁ እያለ ነው። ታዲያ ለምን እንለፋለን?»

ጠያቂው አዳማ ላይ የምግብ ዘይት የሚያመርቱ ሰው ናቸው። ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ አጠጋግቻቸዋለሁ። መልሴ አጭር ነው፦ አይግዙ፣ ቢያንስ አሁን ባሉበት ሁኔታ።

46 ብሩን እንበትነው። በወር 10,000 ጀሪካን ይመረታል። ለአንዱ ጥሬ ፕላስቲክ 22 ብር፣ ለሠራተኛ 6 ብር፣ ለመብራትና ለልዩ ልዩ 3 ብር ይወጣል። ይሄ 31 ብር ነው። የቀረው 15 ብር ቋሚ ወጪ ነው፤ ሂሳብ ክፍሉ በወር 150,000 ብር ለጀሪካን ሥራው መድቦ ለ10,000 ስላካፈለው የመጣ ነው። ጣጣው ያለው እዚህ ላይ ነው።

የጀሪካን ሥራው ነገ ቢዘጋ ከ150,000 ብሩ የትኛው ከኪስ መውጣቱን ያቆማል? የተቆጣጣሪው ደመወዝና የሞልዱ ኪራይ፣ በድምሩ 40,000 ብር። ሌላው 110,000 ብር የማሽኑ የእርጅና ቅናሽ፣ እንዲሁም ከሼድ ኪራይ፣ ከጥበቃና ከሥራ አስኪያጅ ደመወዝ የተቆረሰ ድርሻ ነው። ጀሪካን መመረቱ ስለቀረ ዘበኛው ግማሽ ደመወዝ አይቀበልም፤ የሼዱ ባለቤትም ኪራይ አይቀንስም። የማሽኑ ገንዘብማ ድሮ ወጥቷል። ጀሪካን ክፍሉ ሲዘጋ ይሄ ሁሉ ዞሮ ዘይቱ ላይ ይከመራል፣ ከዚያ በሚቀጥለው ዓመት ሪፖርት «ዘይቱ አላዋጣም» ተብሎ ሌላ ስብሰባ ይጠራል።

ስለዚህ መነጻጸር ያለበት 31 ብር ላይ 4 ብር ሲደመር፣ 35 ብር ከ41 ብር ጋር ነው። ማምረት በወር 350,000፣ መግዛት 410,000። ወረቀቱ 50,000 ብር ታተርፋላችሁ ሲል እውነተኛው ሂሳብ 60,000 ብር ትከስራላችሁ ይላል።

የ6 ብሩ የሠራተኛ ወጪም ቢሆን መጠየቅ አለበት። ሠራተኞቹ ቋሚ ከሆኑና ወደ ዘይት ማሸጊያው የሚዛወሩት እዚያ ሳያስፈልጉ ከሆነ፣ ደመወዛቸው አልቀረም ማለት ነው። ያኔ ማወዳደሪያው 29 ብር ይሆናል። ይሰናበቱ ከተባለ ደግሞ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት የስንብት ክፍያ አለ፤ አንዴ የሚወጣ ቢሆንም የውሳኔው ወጪ ነው።

እስካሁን ግን ሥራው ሲዘጋ ቦታው ባዶ እንደሚቀመጥ አድርገን ነው ያሰላነው። አዳማ የጅቡቲ መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ መጋዘን የሚፈልግ ነጋዴ አይጠፋም። የሚለቀቀው ቦታ በወር 75,000 ብር የሚከራይ ከሆነ ራስ ማምረት ያንን ገንዘብ ያሳጣል፣ መግዛቱም በ15,000 ብር ይሻላል። 60,000 ብር ካላገኘ ግን መንካት አያስፈልግም። ደግሞ ሼዱ ራሱ የኪራይ ከሆነ ውሉ ለሌላ ማከራየትን መፍቀዱን አስቀድሞ ማየት ነው። «ይከራያል» ብሎ መገመትና ተከራይ መያዝ ለየቅል ናቸው።

ብዙ ሰው የሚስተው ሌላው ነገር የማሽኑ ትርፍ አቅም ነው። ይሄ ማሽን በወር 16,000 ጀሪካን ማውጣት ይችላል፤ 6,000 የሚሆነው አቅም ሥራ ፈትቷል። አንድ የሳሙና ፋብሪካ 9,000 ጀሪካን በወር ልውሰድ፣ ለአንዱም 45 ብር ልክፈል አለ እንበል። እንዲህ ሲሆን ወዲያው «የራሳችንን ከውጭ እንግዛና ማሽኑን ለሱ እንስጠው» የሚል ይመጣል። ቆይ! 6,000ው በባዶው አቅም ይሠራል፣ ለዚህ ከውጭ አንድም ጀሪካን መግዛት አያስፈልግም። ቦታ የሚጣበበው ለ3,000ው ብቻ ነው።

ለዚህ 3,000 ሲሰላ ደግሞ 35 ብሩ አይሠራም። ክፍሉ ስላልተዘጋ ተቆጣጣሪውም አለ፣ የሞልዱ ኪራይም ይከፈላል፤ 40,000ው አልቀረም። የሚድነው 31 ብር ብቻ ስለሆነ ከውጭ የተገዛ እያንዳንዱ ጀሪካን 10 ብር ያስወጣል። ከሳሙና ፋብሪካው ግን 45 ሲቀነስ 31፣ 14 ብር ይገኛል። በአንዱ 4 ብር፣ በ3,000ው 12,000 ብር ተረፈ። ያው አቅራቢ፣ ያው 41 ብር፣ ለ10,000ው ሲያከስረን ለ3,000ው አተረፈልን። የሳሙና ፋብሪካው ከ41 ብር በላይ አልከፍልም ቢል ግን ይሄ ትርፍ ይጠፋል፤ ያኔ 6,000ውን ብቻ ተቀብሎ መቆም ነው።

ማሽኑ አርጅቶ አዲስ መግዛት ሲመጣ ሂሳቡ እንደገና ይከፈታል። አዲሱ ማሽን ገና ያልወጣ ገንዘብ ስለሆነ ሙሉ ዋጋው ይቆጠራል፣ የአሮጌው መሸጫም ይታሰባል፤ 35 ብሩም ከፍ ማለቱ አይቀርም። የአቅራቢውን ስልክ ቁጥር እስከዚያ ማስቀመጥ ነው።