የደብዳቤ ፎቶ ማስታወቂያ አይሆንም

የመሥሪያ ቤቶቻችን የፌስቡክና የቴሌግራም ገጾች አንድ ልማድ አላቸው። ደብዳቤ ይጻፋል፣ ይፈረማል፣ ማኅተም ያርፍበታል። ከዚያ ፎቶ ተነስቶ ይለጠፋል። ከላይ «አስቸኳይ ማስታወቂያ! ለሌሎችም ያጋሩ» ይባልና አለቀ።

ዓይነ ስውራን ስልክ የሚጠቀሙት ስክሪኑ ላይ ያለውን ድምፅ አውጥቶ በሚያነብ ፕሮግራም ነው። አንድሮይድ ላይ ቶክባክ፣ አይፎን ላይ ቮይስኦቨር ይባላል። ፕሮግራሙ «አስቸኳይ ማስታወቂያ» የሚለውን ያነብና ፎቶው ጋ ሲደርስ «ምስል» ብሎ ያልፋል። ውሃ የሚቋረጠው የትኛው ሰፈር ነው? ከስንት ሰዓት እስከ ስንት? እሱ ፎቶው ውስጥ ቀርቷል። ፌስቡክ በፈረንጆቹ 2016 ፎቶዎችን በራሱ መግለጽ ጀምሯል። ግን ለደብዳቤ ፎቶ የሚሰጠው መግለጫ ብዙ ጊዜ «ጽሑፍ ያለበት ምስል ሊሆን ይችላል» ከማለት አያልፍም። ያንንማ ማን አጣው!

«ማኅተሙ ካልታየ ሰው አያምንም» የሚል መልስ ይሰጣል። እሺ፣ ፎቶውም ይለጠፍ። ግን ደብዳቤው ከመታተሙ በፊት ኮምፒውተር ላይ ተጽፎ ነበር። ያንኑ ኮፒ አድርጎ ከፎቶው በላይ መለጠፍ የደቂቃ ሥራ ነው። ፌስቡክ ላይ «አልት ቴክስት» በሚባለው፣ ፕሮግራሙ ፎቶው ጋ ሲደርስ በሚያነበው የመግለጫ ቦታ ደግሞ «የማስታወቂያው ደብዳቤ፣ ሙሉ ቃሉ ከላይ ተጽፏል» ማለት ይበቃል። ሙሉውን ደብዳቤ እዚያ ውስጥ መጠቅጠቅ አያስፈልግም። መግለጫውን በአብዛኛው የሚያገኘው በፕሮግራሙ የሚያስነብበው ሰው ብቻ ነው፤ ከላይ የተጻፈው ግን ኔትወርክ ደክሞበት ፎቶው አልከፍት ላለውም ይደርሳል። ቴሌግራም ለብቻው የመግለጫ ቦታ የለውም። ከፎቶ ሥር የሚገባው ጽሑፍም በተለመደው አካውንት 1,024 ፊደል ላይ ይቆማል። ደብዳቤው ከረዘመ ጽሑፉን ለብቻው እንደ መልእክት መላክ ነው።

ይህን የምለው በጎ ፈቃድ ለመለመን አይደለም። ኢትዮጵያ በፈረንጆቹ 2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አንቀጽ 21 ላይ፣ ለሕዝብ የሚወጣ መረጃ አካል ጉዳተኞች ሊጠቀሙበት በሚችሉት መልክ፣ በወቅቱና ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንዲደርሳቸው ይላል። ጎረቤት ጠርቶ «እስቲ አንብብልኝ» ማለት በወቅቱ መድረስ አይባልም።

ፎቶው እውነተኛ ፎቶ ሲሆን ነገሩ ይለያል። መግለጫው መጻፍ ያለበት ፎቶው የተለጠፈበትን ምክንያት ተከትሎ ነው። የመስቀል አደባባይ የደመራ ፎቶ እንውሰድ። ለበዓል መልካም ምኞት ከሆነ «ደመራው ተቀጣጥሎ፣ ነጭ የለበሰ ሕዝብ ጧፍ ይዞ ከቦታል» ማለት ጥሩ ነው። ያው ፎቶ ስለ መንገድ መዘጋት ከተለጠፈ ግን የእሳቱ ውበት ለማንም አይጠቅምም። የትኛው መንገድ በምን እንደተዘጋ ይጻፍ። «ይህ ፎቶ የሚያሳየው» ብሎ መጀመርም ትርፍ ነው፤ ፕሮግራሙ ምስል መሆኑን ራሱ ይናገራል።

ሃሽታግ ላይ ስንመጣ አማርኛ የራሱ ጣጣ አለው። በእንግሊዝኛ የሚመከረው የየቃሉን መጀመሪያ በትልቁ ፊደል መጻፍ ነው። የቀድሞዋ የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ማርጋሬት ታቸር በፈረንጆቹ 2013 ስታርፍ፣ «አሁን ታቸር ሞታለች» ለማለት #nowthatchersdead የሚል ሃሽታግ ወጣ። ብዙ ሰው ግን «now that Cher's dead» ብሎ አንብቦት ዘፋኟ ሼር የሞተች መስሎት ደነገጠ። #NowThatchersDead ቢባል ኖሮ ቃላቱ ይለዩ ነበር፤ ፕሮግራሙም ለያይቶ ያነባቸዋል።

የእኛ ፊደል ግን ትልቅና ትንሽ የለውም። #የገናዋዜማ የሚለውን እዩት። የገና ዋዜማ ነው ወይስ የገናዋ ዜማ? የሚያየው ሰው እንኳ ቆም ብሎ ያስባል፤ ማሽኑ ደግሞ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ያነበንበዋል። ክፍት ቦታ ብናስገባ ሃሽታጉ እዚያው ይቆረጣል። በሰረዝና በሁለት ነጥብም ያው ነው። የሚሠራው ከሥር የሚሰመረው መስመር ነው፦ #የገና_ዋዜማ። አንዳንዱ ስልክ የመስመሩን ስም ጭምር ይጠራው ይሆናል። ቢሆንም ቃላቱ ተለይተው ይሰማሉ። ሃሽታጎቹን ደግሞ መጨረሻ ላይ ሰብስቧቸው። ዐረፍተ ነገር መሃል ሲገቡ «ሃሽታግ፣ ሃሽታግ» እያለ ሐሳቡን ይበጣጥሰዋል።

ገጽ የምታስተዳድሩ ሰዎች፣ ከመለጠፋችሁ በፊት ራሳችሁ ስሙት። ቶክባክን ከስልኩ ሴቲንግ፣ አክሰሲቢሊቲ ከሚለው ውስጥ ታገኙታላችሁ። ከመክፈታችሁ በፊት ግን እንዴት እንደሚዘጋ እወቁ፤ አለበለዚያ ስልኩ አልታዘዝም ብሎ ያስደነግጣችኋል። አንዴ ነካ ማድረግ ያስነብባል፣ ሁለቴ መንካት ይከፍታል፣ ጣትን ወደ ቀኝ መሳብ ወደሚቀጥለው ያሳልፋል። ስልኩ የአማርኛ ድምፅ ከሌለው አማርኛውን ዘሎት ሊያልፍ ስለሚችል መጀመሪያ እሱን አረጋግጡ። ከዚያ ስክሪኑን ሳታዩ የራሳችሁን ማስታወቂያ አስነብቡት። ቀኑን፣ ቦታውንና ሰዓቱን ካልሰማችሁ አትለጥፉት።