ጭማሪ አትፍሩ፣ «እኩል መዋጮ» ግን ፍሩ

የድሬ ሰዎች፣ ዛሬ ትንሽ ልቆጣችሁ ነው፤ ቻሉኝ።

ከከዚራ እስከ ሳቢያን ስለ ታክስ የማይማረር የለም። ምሬቱ አልከፋኝም። የከፋኝ ያለቦታው መሆኑ ነው። ደመወዝ ሲጨመርለት የሚደነግጥ ሰው በመካከላችን አለ። «እርከኑን ካለፍኩ ጭማሪውን ታክስ ይበላዋል፤ ባለሁበት ይሻለኛል» ይላል። አቦ፣ ይሄ ወሬ ይብቃ!

እስቲ ወረቀትና እስክሪብቶ አምጡ። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕግ የወር ደመወዝ የመጀመሪያው 2,000 ብር ከግብር ነፃ ነው። ከዚያ በላይ እስከ 4,000 ያለው 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 ያለው 20 በመቶ፣ እስከ 10,000 ያለው 25 በመቶ ይከፍላል። በዚሁ መልክ እየጨመረ ሄዶ ከ14,000 በላይ ባለው ላይ 35 በመቶ ይደርሳል። «ያለው» የምለውን ልብ በሉ። ከፍ ያለው መቶኛ የሚነካው ከመስመሩ በላይ ያለችውን ብር ብቻ ነው፤ ከሥር ያለው በየራሱ እርከን መቶኛ ይቀጥላል።

6,900 ብር የምታገኝ እህት ግብሯ 880 ብር ነው። ደመወዟ 7,100 ሆነ እንበል። ፈሪው «ከ7,100 ላይ 25 በመቶ፣ ማለትም 1,775 ብር ሄደ» ብሎ ይጮኻል። ውሸት ነው። ከ200 ብሩ ጭማሪ መቶው 20 በመቶ፣ መቶው 25 በመቶ ይከፍላል፤ በድምሩ 45 ብር። አዲሱ ግብሯ 925 ነው፤ 155 ብር ኪሷ ገባ። ደመወዝ የሚያሰላው የሒሳብ ሠራተኛ ይህን በአቋራጭ ሲሠራ 7,100ን በ25 በመቶ አባዝቶ 850 ይቀንሳል። ብዙዎቻችን 25ቱን አይተን 850ዋን አናይም። እሷ ናት የታችኞቹን እርከኖች ቅናሽ የምትመልሰው። ጭማሪ አግኝታችሁ እጃችሁ ላይ የሚደርሰው በእርግጥ ከቀነሰ ታክሱን ትታችሁ የቀረ አበል ወይም አዲስ ተቀናሽ ካለ ጠይቁ።

አሁን ሁለት ቤት እንይ። አንዱ 4,000 ብር፣ ሌላው 12,000 ብር የሚገባበት። የመጀመሪያው ግብር 300 ብር ነው፤ ከገቢው 7.5 በመቶ። የሁለተኛው 2,250 ብር ነው፤ 18.75 በመቶ። ገቢ ሲያድግ ድርሻውም የሚያድግ ግብር ማለት ይሄ ነው። ጡረታ ደግሞ፣ ግብር ባይባልም፣ ከሁለቱም ደመወዝ 7 በመቶ ይቆርጣል፤ 280 እና 840 ብር። ይሄ ተመጣጣኝ ይባላል፤ ድርሻው ለሁሉም አንድ ነው።

ሦስተኛው ግን ተደብቆ ነው የሚመጣው። ቫት 15 በመቶ ነው፤ ሱቅ ውስጥ ሀብታምና ድሃ አይለይም። የመጀመሪያው ቤት በወር ቫት ያለባቸውን ዕቃዎች፣ ሳሙናውንም የሞባይል ካርዱንም ቆጥረን፣ በ1,150 ብር ገዛ እንበል። ከዚህ ውስጥ ቫቱ 150 ብር ነው። (15 በመቶውን ከ1,150 ላይ አታስሉ፤ ቫቱ ዋጋው ውስጥ ስላለ ለ115 አካፍላችሁ በ15 አባዙ።) ሁለተኛው ቤት እጥፉን ገዛ፤ 300 ብር ቫት ከፈለ። በብር ሲታይ ሁለተኛው ይበልጣል። ከገቢ አንፃር ግን የመጀመሪያው 3.75 በመቶ፣ ሁለተኛው 2.5 በመቶ ነው የከፈለው። ባለ 12,000 ገቢው ሦስት እጥፍ ቢሆንም ሳሙና ሦስት እጥፍ አይፈጅም። ካተረፈም ይቆጥባል፣ የተቆጠበ ብር ደግሞ ቫት አይከፍልም። የመኖሪያ ቤት ኪራይ፣ ሕክምናና ትምህርት ከቫት ነፃ ስለሆኑ ገንዘቡ በአብዛኛው ለእነዚህ የሚወጣበት ቤት ጫናው ይቀልለታል።

እና እኛ ምን እናደርጋለን? እርከኑን እንራገማለን፣ ቫቱን ዝም እንላለን። ይባስ ብለን የሰፈር ስብሰባ ላይ «ለኮብልስቶኑ በየቤቱ እኩል 200 ብር ይዋጣ» ሲባል እናጨበጭባለን! እኩል? ከ4,000 ላይ 200 ብር 5 በመቶ ነው። ከ12,000 ላይ 1.7 በመቶ እንኳ አይሞላም። ከቫቱም የባሰ ነው፤ ቫት ቢያንስ ብዙ የገዛውን ብዙ ያስከፍላል። 200 ብሩ ግን የልብስ አጣቢዋንም የባለ ሱቁንም በር በእኩል ያንኳኳል።

«የሰውን ገቢ ማን ያውቃል?» ትሉኛላችሁ። ደመወዙን ባታውቁም ሱቅ ያለውን፣ ቤት የሚያከራየውን፣ በቀን ሥራ የሚያድረውን ታውቃላችሁ። ሦስት ደረጃ አውጡ፤ 400፣ 200 እና 50 ብር። ከመቶ ቤት 30ው 400፣ 30ው 200፣ 40ው 50 ቢያዋጣ 20,000 ብር ይሞላል። እኩል 200 ብታስከፍሉም የምትሰበስቡት ያንኑ 20,000 ነው።